አስኳሉ፣ ነጩ ወይስ ሙሉው?
ዳቦ ላይ ስለሚቀባ እንቁላል ከሰንዳፋ



ባለፈው ረመዳን ለጋራ ኢፍጣር ዳቦ የጋገሩ እህቶች አንድ ጥያቄ ደጋግመው ጠይቀውኝ ነበር። ዳቦው ላይ የሚቀባው እንቁላል አስኳሉ ብቻ ይሁን፣ ነጩ ብቻ ይሁን ወይስ ሁለቱም ተመትቶ? አንዷ «ነጩ ነው የሚያበራው» ትላለች፤ ሌላዋ «አስኳል ያልተቀባ ዳቦ መልክ የለውም» ትላለች። ሁለቱም እውነት አላቸው፤ የሚናገሩት ግን ስለ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ነው። አንደኛዋ ስለ ማብረቅረቅ፣ ሌላኛዋ ስለ መቅላት ነው የምታወራው። ይህን ልዩነት በደንብ ያየሁት በክረምቱ እረፍት፣ ሰንዳፋ በሚገኘው በአክስቴ ትንሽ ዳቦ ቤት ሳግዝ ስለነበር፣ ያየሁትን ከነምክንያቱ ላካፍላችሁ።

ሰንዳፋን ለማታውቁ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ለገጣፎን አልፎ የምትገኝ ከተማ ናት። ከፍታዋ ከባሕር ወለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ነው። አካባቢው የወተት አገር ስለሆነ ወተት አይጠፋም፤ እንቁላልም በየጓሮው አለ። አክስቴ በአንዲት የኤሌክትሪክ ፎርኖ ጠዋት ጠዋት ተራውን የፎርኖ ዳቦ ትጋግራለች፤ ድግስ ሲኖር ደግሞ በወተት የተቦካ ትንንሽ ክብ ዳቦ በትእዛዝ ትሠራለች። ተራው ዳቦ ምንም አይቀባም። እንቁላል የሚቀባው የድግሱ ዳቦ ነው።

በነሐሴ የመጀመሪያ ሳምንት ለአንድ ኒካሕ የ120 ዳቦ ትእዛዝ መጣ። የሙሽራዋ እናት ስልካቸውን አውጥተው ፎቶ አሳዩን። ዳቦው ጠቆር ያለ ወርቃማ ነው፤ ላዩም እንደ ተወለወለ እንጨት ያብረቀርቃል። «እንዲህ ከሆነልኝ ሌላ አልፈልግም» አሉ። ቀጥለው ግን አንድ ነገር ጨመሩ። «ጎረቤቶቻችን ፍልሰታን ይዘዋል። ሥጋችንን ባይበሉ ዳቦዬን እንኳ ሳይቀምሱ እንዲሄዱ አልፈልግም።»

አገራችንን የሚያውቅ ሰው ይህ ንግግር ምን እንደሚያስከትል ይገባዋል። በእኛና በክርስቲያን ጎረቤቶቻችን መካከል በድግስ ላይ ሥጋው ይለያያል፤ ዳቦው ግን የጋራ ነው። ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15 የሚጾም ሲሆን ከሥጋና ከወተት ጋር እንቁላልም አይበላም። ስለዚህ ዳቦው ላይ የተቀባች ስስ የእንቁላል ሽፋን ለጾመኛው ዳቦውን ሙሉ በሙሉ ከገበታው ታስወጣዋለች። ላዩ ላይ ያለውን ደግሞ ዐይን አይቶ በእርግጠኝነት አይለየውም፤ ጾመኛው የሚያምነው ጋጋሪውን ነው። አክስቴ ወዲያው «80ው በእንቁላል፣ 40ው ያለ እንቁላል» አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «አንቺ ኬሚስትሪ ነው የምትማሪው፤ ለ80ው የትኛው ይሻላል፣ ፈትነሽ ንገሪኝ» አለችኝ።

ፈተናው ቀላል ነበር። ከአንድ ሊጥ 12 ዳቦ ድቡልቡል አድርገን በአንድ ትሪ ላይ በአራት ረድፍ አስቀመጥን፤ በየረድፉ ሦስት ሦስት ማለት ነው። የመጀመሪያውን ረድፍ ምንም አልቀባንም። ሁለተኛውን ነጩን ብቻ፣ ሦስተኛውን አስኳሉን ብቻ፣ አራተኛውን ሙሉውን እንቁላል ቀባን። ሦስቱም ላይ ትንሽ ውኃና አንድ ቁንጥጫ ጨው ገብቷል። ፎርኖው 180 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ነበር፤ 18 ደቂቃ ቆየ። የአክስቴ ፎርኖ ከበስተኋላ ስለሚያይል፣ በግማሹ ጊዜ ትሪውን አዙረነዋል። እንዲህ ያለ ፈተና የምትሞክሩ ከሆነ ይህን አትርሱ። አለበለዚያ የምታወዳድሩት እንቁላሉን ሳይሆን የፎርኖውን ጥግ ነው።

ሲወጣ ልዩነቱ ከሩቅ ይታይ ነበር። ያልተቀባው ረድፍ ደብዛዛ ነው፤ ቀለሙም ገርጣ ያለ ቡናማ። ነጩ የተቀባው እንደ መስታወት ያብለጨልጫል፤ ቀለሙ ግን ካልተቀባው ብዙም አይለይም። አስኳሉ የተቀባው ከሁሉም የቀላ ነው፣ ወደ ብርቱካን የሚያደላ ጠቆር ያለ ወርቃማ። ብርሃኑ ግን የመስታወት ሳይሆን የወዝ ብርሃን ነው፣ ለስለስ ያለ። ሙሉው እንቁላል በሁለቱ መካከል ነበር፤ በቂ ቀለም፣ በቂ ብርሃንም አለው።

ምክንያቱ ያለው እንቁላሉ ውስጥ ባለው ነገር ነው። ነጩ ከሞላ ጎደል ውኃ ነው። ከ100 ግራም ነጭ ውስጥ 90 ግራም የሚጠጋው ውኃ ሲሆን የቀረው በአብዛኛው ፕሮቲን ነው፤ ስብ የለውም ማለት ይቻላል። አስኳሉ ግን ግማሹ ብቻ ነው ውኃ። ከሌላው ግማሽ ውስጥ ትልቁ ድርሻ ስብ ነው፤ ፕሮቲኑም ከነጩ ይበልጣል።

አሁን ዳቦው ፎርኖ ውስጥ ሲገባ የሚሆነውን እናስብ። ዳቦን የሚያቀላው በዋናነት ፕሮቲንና ስኳር በሙቀት ሲገናኙ የሚፈጠር ሂደት ነው። በ1912 እ.ኤ.አ. ስለዚህ ሂደት በጻፈው ፈረንሳዊ ኬሚስት ስም የማያር ሂደት ይባላል። ይህ ሂደት በደንብ የሚፋጠነው ላዩ ከ140 ዲግሪ በላይ ሲግል ነው። ላዩ እርጥብ እስከሆነ ድረስ ግን ወደዚያ አይደርስም፤ ሙቀቱ ውኃውን በማትነን ያልቃልና። ነጩ የተቀባው ዳቦ መጀመሪያ ያን ሁሉ ውኃ ማድረቅ አለበት፤ ሲደርቅም የሚተርፈው ስስ የፕሮቲን ሽፋን ነው። አስኳሉ ወፍራም ስለሆነ ቶሎ ይደርቃል፤ ላዩ ላይ የሚተወው ፕሮቲንና ስብም ብዙ ነው። በዚያ ላይ የራሱ ቢጫ ቀለም አለ። ለዚህ ነው ቀድሞም አብዝቶም የሚቀላው።

ማብረቅረቁ ደግሞ የልስላሴ ጉዳይ ነው። ነጩ ሲደርቅ ሻካራውን የሊጥ ገጽ ሞልቶ እንደ ቫርኒሽ ልሙጥ ሽፋን ይሆናል፤ ብርሃን ሲያርፍበት ሳይበተን ይመለሳል። አስኳሉ ውስጥ ያለው ስብ ያን ሽፋን ለዘብ ስለሚያደርገው ብርሃኑ ይለሰልሳል። የነጩ ሽፋን ግን አንድ ጉድለት አለው፤ ደረቅና ተሰባሪ ነው። የወተት ዳቦ ከወጣ በኋላ ሲቀዘቅዝ ጥቂት ይሟሽሻል፣ ሽፋኑ ግን አብሮ አይታጠፍም። በማግስቱ የነጩ ረድፍ ላይ እንደ ተሰነጠቀ ብርጭቆ ስስ መስመሮች አየን፤ በጣት ሲነኩትም ይቀረፍ ነበር። ስለዚህ ነጩን ብቻ መቀባት የሚጠቅመው ገርጣ ብሎ እንዲያብረቀርቅ ለምንፈልገው ደረቅ ብስኩት፣ ወይም ሰሊጥና ጥቁር አዝሙድ እንዲጣበቅልን ስንፈልግ ነው። እንደ ሙጫ የሚተካከለው የለም። የሳምቡሳ ጠርዝ ለመለጠፍም ያው ነጩ ነው የሚሻለው።

እንግዲህ ፎቶውን ለመምሰል አስኳሉ ብቻ ይበቃ ነበር ትሉ ይሆናል። አክስቴም መጀመሪያ ያሰበችው እሱን ነበር። ሁለት ነገር ግን ሐሳቧን አስቀየራት።

አንደኛው ሂሳብ ነው። በሚዛን ስናየው አንድ ትንሽ ዳቦ ለመቀባት 2 ግራም ገደማ ይበቃል። የአንድ መካከለኛ እንቁላል አስኳል 17 ግራም ገደማ ነው፤ በትንሽ ውኃ ሲቀጥን 27 ግራም ቢሆን የሚቀባው 13 ዳቦ ነው። ለ80ው ዳቦ ስድስት እንቁላል ተሰብሮ ስድስት ነጭ ይተርፋል ማለት ነው። ሙሉው እንቁላል ግን ያለ ቅርፊቱ 48 ግራም ገደማ ነው፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ውኃ ሲገባበት ወደ 30 ዳቦ ይደርሳል፤ ለ80ው ሦስት እንቁላል ይበቃል። በአንድ ትእዛዝ ሦስት እንቁላል ትንሽ ይመስላል። በሳምንት ሦስትና አራት ትእዛዝ ለምትቀበል ሴት ግን የትርፏ አንድ ክፍል ነው፤ ነጩ ተጥሎ ቢቀር ደግሞ ኢስራፍ ነው።

ሁለተኛው አስኳሉ የሚያታልል መሆኑ ነው። ከላይ ቀድሞ ስለሚቀላ ውስጡ የበሰለ ይመስላል። በፈተናችን የአስኳሉ ረድፍ በ12ኛው ደቂቃ ላይ ለመውጣት የደረሰ ይመስል ነበር። አንዱን ቆርሰን ስናየው መሐሉ ገና ሊጥ ነው። በጣም የሚቀላ ቅብ የተቀባን ዳቦ በላዩ ቀለም መፍረድ አይቻልም። ገልብጦ ታችውን ማየት ያስፈልጋል፤ ታችኛው ክፍል እንቁላል ስላልነካው እውነቱን ይናገራል። እኩል ቡናማ ከሆነና በጣት ሲመታ ባዶ ድምፅ ከሰጠ ደርሷል። ላዩ ቀድሞ ከጠቆረ ደግሞ ፎርኖውን ወደ 170 ዝቅ ማድረግ ወይም ላዩን በአሉሚኒየም ፎይል መሸፈን ነው።

በሙቀት መለኪያ የምትሠሩ ካላችሁ ደግሞ የከፍታውን ነገር አስቡ። በውጭ አገር አሠራር የዳቦው መሐል 96 ዲግሪ ሲደርስ አውጡ የሚሉ አሉ። ሰንዳፋ ላይ ግን ውኃ የሚፈላው ገና 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነ፣ እርጥብ የሆነው የዳቦው መሐል ከዚያ ብዙም አያልፍም። 96ን የሚጠብቅ ሰው ዳቦውን ያደርቀዋል፤ አስኳል ከቀባ ደግሞ ያከስለዋል።

አክስቴ በመጨረሻ የመረጠችው መካከለኛውን መንገድ ነው። ለ80ው ዳቦ ሁለት ሙሉ እንቁላልና የሌሎች ሁለት እንቁላሎች አስኳል ወሰድን፤ ይህ 130 ግራም ሆነ። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ወተትና አንድ ቁንጥጫ ጨው ስንጨምርበት 160 ግራም፣ ልክ ለ80 ዳቦ። ነጩ ብርሃኑን ይሰጣል፤ የተጨመረው አስኳል ፎቶው ላይ የነበረውን ጠቆር ያለ ወርቃማ ያመጣል፤ ወተቱም የራሱ ስኳር ስላለው መቅላቱን ያግዛል። የተሰበረው እንቁላል አራት ብቻ ነው። የተረፉትን ሁለት ነጮች ለቤቱ ቁርስ እንቁላል ፍርፍር ላይ ጨመርናቸው።

ስለ እንቁላሉ ዓይነትም አንድ ነገር ልበል። የሐበሻ ዶሮ እንቁላል አስኳሉ ደመቅ ያለ ቢጫ ነው፤ ዶሮዋ ሜዳ ላይ ሣር ቅጠሉን ስለምትለቅም ቀለሙ ከዚያ ይመጣል። የፈረንጅ ዶሮ እንቁላል ግን በምትበላው መኖ ምክንያት ብዙ ጊዜ ገርጣ ይላል። የሐበሻው ወርቃማነቱን ያደምቀዋል፤ ነገር ግን መጠኑ አነስተኛ ስለሆነ ስንት እንቁላል ብሎ ከመቁጠር መመዘን ይሻላል።

አቀባቡም ራሱን የቻለ ነገር ነው። እንቁላሉ ከጨው ጋር ተመትቶ ቢያንስ 15 ደቂቃ ይቀመጥ፤ ጨው ፕሮቲኑን ስለሚያላላው የተጓተተው ነጭ ይቀጥናል። ከዚያ በሻይ ማጥለያ ይጠለል። ሳይጠለል የተቀባ እንቁላል ሲጋገር አንዱ ቦታ ነጭ ክር፣ ሌላው ቦታ ቢጫ ነጠብጣብ ይሆናል። ሊጡ ኩፍ ብሎ ወደ ፎርኖ ሊገባ ሲል ለስላሳ ብሩሽ በትንሹ ነክሮ፣ የሳህኑ አፍ ላይ ጠረግ አድርጎ፣ ሳይጫኑ መቀባት ነው። ኩፍ ያለ ሊጥ ሲጫኑት ይተነፍሳል። ከ10 ደቂቃ በኋላ ለሁለተኛ ጊዜ ስስ አድርጎ መድገም ከአንድ ወፍራም ቅብ እጅግ ይሻላል፤ ወፍራሙ ወደ ታች ይወርድና ትሪው ላይ ተጋግሮ ዳቦውን ያጣብቀዋል። በክሮሳንት ላይ ደግሞ የባሰ ጉዳት አለው። በተቆረጠው ጎን የወረደው እንቁላል ንብርብሮቹን ስለሚያጣብቃቸው ሊጡ ተነስቶ አይለያይም። ክሮሳንት ሲቀባ ከላይ ብቻ ነው፣ የተቆረጠውን ጠርዝ ሳይነኩ።

መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ሌላ ጥንቃቄ አለ፤ ፎርኖው ሳይግል አትቀቡ። ተቀብቶ ረጅም ጊዜ የቆየ ሊጥ ላዩ ይደርቅና ፎርኖ ውስጥ ሲያብጥ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁም ያልተቀባ ነጣ ያለ መስመር ሆኖ ይቀራል። የሚገባውን ትሪ ብቻ መቀባት ይህን ያስቀራል። የተረፈውን የተመታ እንቁላል ጥሬ ስለሆነ ለማግስቱ ውጭ አታሳድሩት፤ ብሩሹንም በሙቅ ውኃና በሳሙና እጠቡ። ዳቦው ከወጣ በኋላ «ብርሃኑ አነሰ» ብሎ እንቁላል መድገም ደግሞ ፈጽሞ አይገባም። ጥሬው እንቁላል የሳልሞኔላ ባክቴሪያ ሊኖረው ስለሚችል መብሰል አለበት።

ለጎረቤቶች የሚሆነው 40 ዳቦ ግን ከሊጡ ጀምሮ ተለየ። በውኃና በዘይት ተቦካ፤ ወተትም ቅቤም አልገባበትም። ትሪው ከወተት ዳቦው በፊት ብቻውን ገባ። ብሩሹም እንቁላል ያልነካው አዲስ ብሩሽ ነበር። ማብረቅረቂያው ሁለት የሾርባ ማንኪያ ስኳር በሁለት ማንኪያ ሙቅ ውኃ ሟምቶ፣ ዳቦው ከፎርኖ በወጣበት ቅጽበት የተቀባ ነው። የዳቦው ሙቀት ውኃውን ያተነውና ስስ የስኳር ሽፋን ይቀራል። ብርሃኑ ያምራል፤ ቀለም ግን አይጨምርም። ስለዚህ ይህን ዳቦ ሁለት ደቂቃ አቆይተን በራሱ እንዲቀላ አደረግነው። ጉድለቱ በነሐሴ እርጥበት መሆኑ ነው፤ ስኳር ከአየር እርጥበት ስለሚስብ ላስቲክ ውስጥ ካሸጉት እጅ ላይ ይጣበቃል። ሲቀዘቅዝ በወረቀት መጠቅለል ይሻላል፤ የሚበላውም በዚያው ቀን ነው።

ሁለቱ ዳቦዎች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ልዩነቱ ለእኛ ይታወቅ ነበር፤ ለእንግዳ ግን አይታወቅም። አክስቴ ለዚህ ነው የጾሙን ዳቦ በሌላ ካርቶን አድርጋ በእስክርቢቶ «እንቁላልና ወተት የለውም» ብላ የጻፈችበት። የሙሽራዋን እናትም ካርቶኖቹ እንዳይቀላቀሉ አደራ አለቻቸው። «ሰው አምኖኝ የሚበላውን ነገር ደብቄ አላበላም» ነው ያለችው። ከሰዓት በኋላ ካርቶኑ ባዶውን ተመለሰ፤ አልሐምዱሊላህ።

ፎርኖ ለሌላችሁና በኤሌክትሪክ ምጣድ ለምትጋግሩ ደግሞ፣ እንቁላሉን ለሌላ ነገር አቆዩት። ምጣዱ ሙቀት የሚሰጠው ከታች ነው፤ ከላይ ያለው ክዳን እንፋሎቱን ይዞ ስለሚያስቀር የዳቦው ላይ እርጥብ እንደሆነ ይቆያል። እርጥብ ነገር ደግሞ እንዳልነው አይቀላም። አስኳልም ሆነ ሙሉ እንቁላል ብትቀቡት የምታገኙት ቢጫ፣ ደብዛዛና ለስላሳ ሽፋን ነው። ለእሱ ዳቦውን ገልብጦ ሁለተኛውን ጎን ማቅላት፣ ሲወጣም የስኳሩን ውኃ መቀባት ይበቃል። ፎርኖ ለምታገኙት ግን ለ30 ትንንሽ ዳቦ አንድ ሙሉ እንቁላል፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ወተት፣ አንድ ቁንጥጫ ጨው። የበለጠ እንዲቀላ ከፈለጋችሁ አንድ አስኳል ጨምሩና ታችውን ሳታዩ አታውጡት።